ያለ ጣት የተጫነ ክሊክ

ጄፒሞርጋን ቼዝ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ማስታወቂያው በአንድ ወር ውስጥ 400,000 ገደማ ድረ ገጾች ላይ ይወጣለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 መጀመሪያ ኃላፊዎቹ ዝርዝሩን አስወጥተው ሲመረምሩ፣ ማስታወቂያው ከመታየት አልፎ አንዳች ነገር ያስገኘው በ12,000ዎቹ ላይ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ሦስት መሆኑ ነው። ቀጥሎ አንድ ተለማማጅ ሠራተኛ ተቀምጦ እነዚያን ገጾች አንድ በአንድ እየከፈተ አየ። 7,000 ያህሉ ባንኩ ስሙ እንዲታይባቸው የማይፈልጋቸው ነበሩ፤ 5,000 ቀሩ። ማስታወቂያው በነዚህ ብቻ እንዲወጣ ሲደረግ ባንኩ የውጤት መቀነስ አላየም።

የተጣሉት ሁሉ የሌቦች ገጾች ነበሩ ማለት አይደለም። ግን ሌባ የሚደበቀው እንዲህ ባለ ማንም አንብቦት በማያውቅ ረጅም ዝርዝር ውስጥ ነው።

ነገሩ የሚሠራው እንዲህ ነው። በድረ ገጾችና በመተግበሪያዎች ላይ በምስል የሚወጣ ማስታወቂያ ሲታይ ወይም ክሊክ ሲደረግ፣ አስነጋሪው ከሚከፍለው ገንዘብ የገጹ ባለቤት ድርሻ ያገኛል። ስለዚህ ተመልካች የሌለው ሰው ተመልካች ቢፈጥር ያተርፋል። አሌክሳንደር ዙኮቭ የተባለው ሩሲያዊና ግብረ አበሮቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው። በዳላስና በሌሎችም ቦታዎች ከ1,900 በላይ ሰርቨሮች ተከራይተው፣ ሰው ድረ ገጽ የሚያነብ እንዲመስል ፕሮግራም ጻፉላቸው። ማሽኖቹ የማውሱን ቀስት ያንቀሳቅሳሉ፣ ገጹን ወደ ታች ይስባሉ፣ ቪዲዮውን አጋማሽ ላይ ያቆማሉ፤ ፌስቡክ ውስጥ የገቡም ያስመስላሉ። ከ650,000 በላይ የአይፒ አድራሻዎችም ተከራይተው የአሜሪካ መኖሪያ ቤቶች አስመሰሏቸው። የብሩክሊን ፌደራል ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 ዙኮቭን በ10 ዓመት እስራት ቀጣው። የተዘረፈው ገንዘብ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

አጠራጣሪ የአይፒ አድራሻዎችን እየለቀሙ ማገድ ብዙ ርቀት የማይወስደው ለዚህ ነው። ጎግል ለአንድ ዘመቻ እንዲታገዱ የሚፈቅደው 500 አድራሻ ነው፤ ዙኮቭ በእጁ ስንት እንደነበረው ከላይ ታይቷል። የተሻለው ጥያቄ «ማን ጫነው?» ሳይሆን «የት ተጫነ? ከዚያስ ምን ሆነ?» የሚለው ነው።

ለምሳሌ አንድ የቤት ዕቃ ሻጭ 5,000 ብር አውጥቶ 1,000 ክሊክ አገኘ እንበል። ለአንዱ 5 ብር፣ ደስ ይላል። ስልክ ደውሎ ዋጋ የጠየቀው ግን 8 ሰው ብቻ ነው፤ አንዱ ጥሪ 625 ብር ፈጀ ማለት ነው። ሻጩ ጎግል አድስ ውስጥ «Where ads showed» የሚለውን ዝርዝር ሲከፍት፣ 600ው ክሊክ የመጣው ከሁለት የልጆች ጌሞች መሆኑን ያያል። ከነዚያ አንድም ጥሪ አልመጣም። 3,000 ብሩን የበላው ምናልባት ሌባ ሳይሆን፣ ፊኛ አፈነዳ ብሎ ማስታወቂያውን የነካ የአራት ዓመት ሕፃን ይሆናል። ለሻጩ ኪስ ልዩነት የለውም። ሁለቱን ጌሞች አስወጥቶ፣ የጌም መተግበሪያዎችን በጅምላ ቢዘጋ፣ እነዚያው 8 ጥሪዎች በ2,000 ብር፣ ማለትም በ250 ብር ሒሳብ ይመጡ ነበር።

ዝርዝሩ ሲነበብ ዓይን የሚስበው ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ክሊክ የሚያደርግ ቦታ ነው። ደንበኞቹ በሚተኙበት ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የሚጎርፍ ክሊክም እንዲሁ። ሌላው ምልክት የክሊኩ ቁጥር ድረ ገጹ ላይ ከተመዘገበው ጉብኝት እጅግ ሲበልጥ ነው። እዚህ ላይ ግን መቸኮል አይገባም፤ ገጹ ለመከፈት የሚዘገይ ከሆነ፣ ኔትወርክ ያማረረው እውነተኛ ሰውም ሳይመዘገብ ትቶ ይሄዳል። መጀመሪያ ገጹን በራስ ስልክ ከፍቶ መሞከር ነው።

ሌላው ስህተት ዘመቻውን «ብዙ ክሊክ አምጣልኝ» ብሎ ማዘዝ ነው። ሥርዓቱ ርካሽ ክሊክ ፍለጋ ይሄዳል፤ ርካሽ ክሊክ ደግሞ በብዛት የሚገኘው አስመሳዮቹ ጋ ነው። ዘመቻው ሽያጭን ወይም ጥሪን እንዲያሳድድ ማዘዝ ይሻላል። ቅጽ መሙላትን ብቻ ግብ ማድረግም አያዋጣም፤ ማሽኖች ቅጽ ይሞላሉና። የተሞላውን ስልክ ደውሎ ማረጋገጥና የተረጋገጠውን ብቻ መቁጠር ያስፈልጋል።

ጎግል ራሱ የያዛቸውን ሐሰተኛ ክሊኮች ሒሳብ ውስጥ አያስገባም፤ ዘግይቶ ከደረሰባቸውም ገንዘቡን ይመልሳል። ቁጥራቸው «Invalid clicks» በሚለው ዓምድ ይታያል፣ ዓምዱን ግን አስነጋሪው ራሱ መጨመር አለበት። ከማጣሪያው አምልጠዋል ብሎ የሚጠረጥር ሰው እንዲመረመርለት ማመልከት ይችላል፤ የሚታየው ግን ባለፉት 60 ቀናት ውስጥ የተደረገ ክሊክ ብቻ ነው።