በጀቱ የሚሰበርበት ምንዛሪ

ውጭ አገር የሚማር ልጅ በጀት ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የማየው የዕለቱን ምንዛሪ አይደለም። ምንዛሪው ስንት ሲደርስ ነው ይህ በጀት የሚሰበረው? ለዚህ ቤተሰቡ ሳይበደር በወር ማውጣት የሚችለውን ብር ለወሩ የትምህርት ክፍያ ማካፈል ይበቃል።

በርሊን በግል ኮሌጅ የምትማር አንዲት ልጅ በወር 500 ዩሮ ትከፍላለች። የአባቷ አቅም 45,000 ብር ነው። ሲካፈል 90 ይመጣል። ዕቅዱ ሲወጣ ባንክ ዩሮን በ62 ብር ገደማ ይሸጥ ስለነበር 31,000 ብር ይበቃ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ለቀቀው፤ በወራት ውስጥ ዩሮ 130 ገደማ ሲገባ ክፍያው 65,000 ብር ሆነ። ቀድሞም ከጥቁር ገበያ ይገዙ የነበሩ ቤተሰቦች ያን ያህል አልደነገጡም፤ የተመቱት የባንክ ወረፋ የደረሳቸው ናቸው።

የቤት ኪራዩን ምንዛሪው አልነካውም። ለጀርመን ቪዛ የዓመት የመኖሪያ ወጪ አስቀድሞ በዩሮ በዝግ ሂሳብ ይቀመጣል። እሷ ባስገባችበት ጊዜ በወር 934 ዩሮ ይለቀቅ ነበር፤ 450 ለኪራይ፣ 130 ገደማ ለጤና መድን፣ ቀሪው ለኑሮ።

የአባቷ 45,000 ብር በዚያ ምንዛሪ 346 ዩሮ ሆነ። የጎደለውን 154 ከኪራይ ላይ ልትወስድ ነበር። አይሆንም አልኳት፤ የሁለት ወር ኪራይ ከተጠራቀመ አከራዩ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ውሉን ማፍረስ ይችላል። ኮሌጁን ግን በጽሑፍ ጠይቆ ክፍያውን መከፋፈል ይሞከራል። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ያኔ 12.41 ዩሮ ስለነበር በወር 13 ሰዓት ሥራ ጉድለቱን ሸፈነ። ቤተሰቡም እፎይ አለ፤ እኔ ግን አላልኩም።

ዝግ ሂሳቡ በዓመቱ ያልቃል። የመኖሪያ ፈቃድ ሲታደስ የሚጠየቀው ደግሞ በወር 992 ዩሮ ሆኗል፤ የዓመቱ 11,904 ዩሮ በ130 ሲመታ ከ1.5 ሚሊዮን ብር ይበልጣል። በሥራ ልሸፍነው ብትል 992 እና 154 ተደምረው 1,146 ዩሮ ነው፤ በዚያው የሰዓት ክፍያ በወር ከ92 ሰዓት በላይ መሥራት ነበረባት። ሕጉ ለውጭ ተማሪ የሚፈቅደው በዓመት 280 ግማሽ ቀን ነው፤ ግማሽ ቀኑ አራት ሰዓት ቢቆጠር በወር 93 ሰዓት ይሆናል። በወረቀት ላይ ለጥቂት ያልፋል። የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ ግን ይጎድላል፤ ፈተና ያለበት ወርም አለ።

ስለዚህ የመከርኳት ሥራ እንድትጨምር ሳይሆን ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንድትዛወር ነው። አብዛኞቹ ክፍላተ አገር ከመጠነኛ የሴሚስተር መዋጮ በቀር የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጡት በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይቀበላል። ክፍያው ከቀረ የአባቷ 346 ዩሮ ለኑሮዋ ይውላል፤ ጉድለቱ 646 ዩሮ፣ ሥራውም በወር 52 ሰዓት ገደማ ይሆናል። የብዙ ትምህርት ክፍሎች የክረምት ሴሚስተር ማመልከቻ በእነሱ አቆጣጠር ሐምሌ አጋማሽ ላይ ስለሚዘጋ፣ የተማረቻቸው ኮርሶች ይያዙላት እንደሆነ ከዚያ በፊት ማጣራት ነበረባት።