ድምፁ የተደናቀፈው የት ላይ ነው? ኦዲዮግራም እንዴት ይነበባል

የመስማት ምርመራ አድርገው የሚወጡ ሰዎች ወረቀቱን እንደያዙ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ስንት ፐርሰንት ይሰማኛል?» ብለው ነው። ኦዲዮግራም የሚባለው ይህ ወረቀት ግን በፐርሰንት አይናገርም። የሚናገረው ከዚያ የሚበልጥ ነው፦ ድምፁ መንገድ ላይ ቀረ ወይስ ደርሶ የሚቀበለው ጠፋ? መንገድ ላይ ከቀረ፣ ማለትም በጆሮ ኩክ፣ በተቀደደ ታምቡር፣ በመካከለኛው ጆሮ በተጠራቀመ ፈሳሽ ወይም በተጣበቁ ትንንሽ አጥንቶች ከታገደ፣ ሐኪም የሚያደርገው ነገር ብዙ ጊዜ አለ። የተጎዳው ቀንድ አውጣ የሚመስለው ውስጠኛ ጆሮ ወይም ከእሱ ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ ከሆነ ግን የሞተው ሴል አይመለስም፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ የመስሚያ መሣሪያ ነው።

ወረቀቱ ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የተደረደሩት ቁጥሮች የድምፁን ቅጥነት ያሳያሉ። በ250 ኸርዝ ወፍራም ድምፅ ይጀምርና በ8000 ኸርዝ ቀጭን ድምፅ ያበቃል። ከላይ ወደ ታች ያለው ደግሞ የድምፁ ኃይል ነው፤ የሚለካውም በዴሲቤል ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ምልክቱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር መስማቱ ደክሟል ማለት ነው። ዜሮ ማለትም ጸጥታ ማለት አይደለም። ጆሮአቸው ጤናማ የሆነ ወጣቶች በአማካይ ሊሰሙት የሚችሉት እጅግ ዝቅተኛው ድምፅ ነው። ለዐዋቂ ሰው እስከ 20 ወይም 25 ዴሲቤል ድረስ ያለው እንደ ጤናማ ይቆጠራል።

መርማሪው እያንዳንዷን ነጥብ የሚያገኛት በትዕግሥት ነው። ተመርማሪው ድምፁን ሲሰማ ቁልፍ ይጫናል። ሲሰማ ድምፁ በ10 ዴሲቤል ይቀነስለታል፣ ሲያጣው በ5 ይጨመርለታል፤ እንዲህ እየተባለ ሊሰማው የሚችለው ዝቅተኛው ይገኛል። ይህ ሥራ ለእያንዳንዱ ጆሮ ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ የምርመራው ጥበብም ያለው እዚሁ ላይ ነው።

የመጀመሪያው በማዳመጫ ነው። ድምፁ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ፣ ታምቡሩን መትቶ፣ በሦስቱ ትንንሽ አጥንቶች ተሻግሮ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። ይህ የአየር መንገድ ይባላል፤ ለቀኝ ጆሮ በቀይ ክብ፣ ለግራ ጆሮ በሰማያዊ X ይመዘገባል። ሁለተኛው ከጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ ትንሽ ነዛሪ መሣሪያ ተደርጎ የሚሠራው ነው። ንዝረቱ የራስ ቅሉን አንቀጥቅጦ ቀዳዳውንም ታምቡሩንም ሳያስፈልገው በቀጥታ ውስጠኛው ጆሮ ይደርሳል። የአጥንት መንገድ የሚባለው ይህ ነው፤ ለቀኝ <፣ ለግራ > ሆኖ ይታያል። አንባቢው መፈለግ ያለበት በእነዚህ በሁለቱ መንገዶች መካከል ያለውን ክፍተት ነው።

ለብዙ ዓመት ጆሮዋ ሲመግል የኖረች ሴት ቀኝ ጆሮ ተመረመረ እንበል። በአየር መንገድ በ500 ኸርዝ 50፣ በ1000 ኸርዝ 45፣ በ2000 ኸርዝ 45 ዴሲቤል ተገኘ። በአጥንት በኩል ሲሞከር ግን በቅደም ተከተል 10፣ 5 እና 10 ሆነ። ውስጠኛው ጆሮዋ ጤናማ ነው፤ ድምፁ ካልታገደበት በደንብ ይሰማል። 40 ዴሲቤል ያህሉ የጠፋው መንገድ ላይ ነው። ክፍተቱ ከ10 ዴሲቤል የማያልፍ ከሆነ የመለኪያው ልዩነት ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ በየነጥቡ ሰፍቶ ሲታይ ግን የማስተላለፍ ችግር ነው። መጠኑም ገደብ አለው። የማስተላለፍ ችግር ብቻውን ከ60 ዴሲቤል ብዙም አይበልጥም፤ ምክንያቱም ድምፁ ከዚያ በላይ ሲሆን ራስ ቅሉን እራሱን አናውጦ በአጥንት ይገባል።

አሁን ደግሞ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው ወረቀት ይታሰብ። በ500 ኸርዝ 20፣ በ2000 ኸርዝ 40፣ በ4000 ኸርዝ 60 ዴሲቤል። የአጥንቱ ምልክቶችም ተከትለው እዚያው ላይ ወርደዋል። መንገዱ ቢዘለልም ለውጥ የለም፤ የደከመው ተቀባዩ ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ድምፅ ይሰማኛል፣ የሚባለው ግን አይገባኝም» ሲል ይደመጣል፤ እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉት ፊደላት ድምፅ ያለው ቀጭኑ በኩል ነውና። ሁለቱም መንገዶች ወርደው በመካከላቸው ክፍተት ከተገኘ ደግሞ ሁለቱም ችግሮች አብረው አሉ።

እስከዚህ ድረስ ቀላል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ወረቀቱ ፍጹም አሳማኝ ሆኖ የሚዋሽበት ጊዜ ነው።

በልጅነቱ ጆሮ ደግፍ የታመመ ወጣት አለ እንበል። ይህ በሽታ አንዳንዴ የአንዱን ጆሮ የመስማት ችሎታ ጨርሶ ያጠፋል። የወጣቱ ቀኝ ጆሮ በአየርም በአጥንትም 5 ዴሲቤል ነው። የግራው በአየር ከጫፍ እስከ ጫፍ 60፣ በአጥንት 5 ሆኖ ወጣ። የ55 ዴሲቤል ክፍተት! ያየ ሁሉ የማስተላለፍ ችግር ነው ይላል፤ ቀዶ ሕክምናም ሊያስብለት ይችላል። እውነቱ ግን ግራው ጆሮ አንዳች አይሰማም። የመለሰው ቀኙ ነው።

የራስ ቅል አንድ አጥንት ነው ማለት ይቻላል፤ ግራው ላይ የተደረገው ንዝረት ምንም ሳይቀንስ ቀኝ ጆሮ ይደርሳል። ስለዚህ 5 ዴሲቤሉ የቀኙ ነው። በማዳመጫ የተላከው ድምፅም ከ40 ዴሲቤል ጀምሮ ማዶ ሊሻገር ይችላል፤ ለወጣቱ 55 ቀንሶበት ተሻግሯል። መፍትሔው መሸፈኛ ድምፅ ነው፦ ደህናው ጆሮ ላይ የሹሹታ ድምፅ ይለቀቅበትና በሥራ ይያዛል፤ ከዚያ ግራው ብቻውን ይፈተናል። ይህ ሲደረግ የወጣቱ ግራ ጆሮ በአጥንትም በአየርም መሣሪያው እስከሚችለው ድረስ መልስ አልሰጠም። ክፍተቱ ጠፋ፤ ቀዶ ሕክምናውም አብሮ ቀረ።

መሸፈኛ ድምፅ መሰጠቱ ከወረቀቱ ይታወቃል። በአየር መንገድ ክቡ ወደ ሦስት ማዕዘን፣ X ወደ አራት ማዕዘን ይለወጣል፤ በአጥንት መንገድ ደግሞ [ እና ] ይታያሉ። ወደ ታች የሚያመለክት ቀስት የተቀጠለበት ምልክት «መልስ የለም» ማለት ነው። ሌላም ማረጋገጫ አለ። የሚንቀጠቀጥ የሹካ ቅርጽ ያለው ብረት ግንባር መካከል ሲደረግ፣ የማስተላለፍ ችግር ያለበት ሰው ድምፁን በታመመው ጆሮ ይሰማዋል። የእኛ ወጣት ግን በደህናው ይሰማዋል። ብረቱና ወረቀቱ ከተጋጩ ምርመራው መደገም አለበት።

ክፍተት የተገኘበት ወረቀትም የመዘጋቱን ምክንያት አይናገርም፤ ኩክም ይሁን ፈሳሽ ወይም የተጣበቀ አጥንት ሥዕሉ ሊመሳሰል ይችላል። ጆሮውን ገልጦ የሚያይ ሐኪም፣ የታምቡሩን እንቅስቃሴ የሚለካ ምርመራም ያስፈልጋል።

ስለዚህ ወረቀትዎን ሲቀበሉ በመጀመሪያ የአጥንት መንገድ ምልክት እንዳለበት ይመልከቱ። ከሌለ፣ ችግሩ የማስተላለፍ ይሁን የነርቭ ከዚያ ወረቀት ማንም ሊነግርዎ አይችልም። ሁለቱ ጆሮዎች በእጅጉ ከተለያዩና መሸፈኛ ድምፅ ያልተሰጠ ከሆነም፣ ስለ ቀዶ ሕክምና ከመነጋገርዎ በፊት ምርመራው እንዲደገምልዎ ይጠይቁ።