ከቀድሞ የሥራ ኃላፊ የምስክርነት ደብዳቤ አጠያየቅና የደብዳቤው ይዘት

ለአዲስ የሥራ መደብ ወይም ለትምህርት ዕድል የሚያመለክቱ ዜጎች ከሚጠየቋቸው ሰነዶች መካከል አንዱ የቀድሞ የሥራ ኃላፊ የሚጽፈው የምስክርነት ደብዳቤ፣ በተለምዶ ሪኮመንዴሽን የሚባለው ነው። ብዙ አመልካቾች ይህንን ደብዳቤ ከሥራ ልምድ ማስረጃ ጋር አንድ አድርገው ስለሚመለከቱት አንዱን ይዘው ሌላውን ሳያሟሉ ይቀርባሉ፤ ወይም ኃላፊውን በመጨረሻው ሰዓት ጠይቀው ስለማንኛውም ሠራተኛ ሊጻፍ የሚችል ባለ ሦስት መስመር ደብዳቤ ይዘው ይመለሳሉ። ይህ ጽሑፍ ሁለቱን ሰነዶች ለይቶ ካሳየ በኋላ ኃላፊውን እንዴት መጠየቅ እንደሚገባ፣ ምን ምን ነጥቦችን ማስታወስ እንደሚቻልና የማስታወሱ ወሰን የት ድረስ እንደሆነ በአንድ ምሳሌ ያብራራል።

የሥራ ልምድ ማስረጃ መብት ነው፤ የምስክርነት ደብዳቤ ግን ፈቃድ ነው

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 12 ከተዘረዘሩት የአሠሪ ግዴታዎች አንዱ የሥራ ውል ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ ማስረጃ ያለክፍያ መስጠት ነው። ይህ ማስረጃ የሚሰጠው በድርጅቱ ስም ሲሆን ማኅተምና የወጪ ደብዳቤ ቁጥር ይኖረዋል። ሠራተኛው ምን ያህል ጎበዝ እንደነበር መናገር ግን አይጠበቅበትም።

የምስክርነት ደብዳቤ ከዚህ የተለየ ነው። የሚመሰክረው የሠራተኛውን ሥራ በቅርብ ያየ ሰው ሲሆን ማንም እንዲጽፍ አይገደድም። በመሆኑም የሥራ ልምድ ማስረጃ በማመልከቻ፣ የምስክርነት ደብዳቤ ደግሞ በአክብሮት ይጠየቃል። አመልካቹ ኃላፊውን ከማነጋገሩ በፊት የሥራ ልምድ ማስረጃውን በእጁ ቢይዝ ይመረጣል፤ ምክንያቱም በምስክርነት ደብዳቤው ላይ የሚጻፈው የሥራ መደብ መጠሪያና ዘመን ከዚያ ሰነድ ጋር በትክክል መግጠም አለበት።

ማንን መጠየቅ ይገባል?

አመልካቾች ብዙውን ጊዜ በማዕረግ ከፍ ያለውን ሰው፣ ለምሳሌ ዋና ሥራ አስኪያጁን ይመርጣሉ። ነገር ግን ሠራተኛውን በዓመት አንድ ጊዜ በስብሰባ ላይ ብቻ ያየ ሰው ስለ ሥራው ዝርዝር ሊጽፍ አይችልም፤ ቀጣሪው ስልክ ደውሎ ሲጠይቀውም የሚመልሰው አይኖረውም። የሚመረጠው ሥራ የሰጠው፣ ያረመውና ውጤቱን የተቀበለው የቅርብ ኃላፊ ነው።

የቅርብ ኃላፊው ከድርጅቱ ለቆ ከሆነም ምስክርነቱ ዋጋውን አያጣም። ሆኖም የድርጅቱ ማኅተምና አርማ ያለበት ወረቀት የድርጅቱ ንብረት ስለሆነ የለቀቀ ኃላፊ ሊጠቀምበት አይገባም። ደብዳቤውን በግል ስሙ ጽፎ በዚያን ጊዜ የነበረውን ኃላፊነት፣ አሁን የሚሠራበትን ቦታና ስልክ ቁጥሩን ገልጾ ይፈርማል። ቀጣሪው መሥሪያ ቤት ማኅተም ያለበት ሰነድ ብቻ እንደሚቀበል ካሳወቀ ግን አሁንም በድርጅቱ ያለ ሌላ ኃላፊ መፈለግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህን አስቀድሞ ማጣራት ተገቢ ነው።

አጠያየቁ

ጥያቄው ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ሦስት ሳምንት ሲቀረው መቅረብ ይኖርበታል። በመጀመሪያ በአካል ወይም በስልክ ፈቃድ ይጠየቃል፤ ሰነዶች የሚላኩት ፈቃድ ከተገኘ በኋላ ነው። ጥያቄው ኃላፊው ሳያፍር እምቢ ለማለት የሚችልበትን በር መተው አለበት፤ ለምሳሌ እንደሚከተለው ሊቀርብ ይችላል፦

«ለመጋዘን ኃላፊነት መደብ ላመለክት ነው። ከእርስዎ ጋር ስሠራ ያዩትን መነሻ አድርገው ሊመሰክሩልኝ ይችላሉ ብለው ካመኑ ደብዳቤ እንዲጽፉልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ጊዜ ከሌለዎት ወይም ሌላ ሰው ቢጽፍ ይሻላል ካሉም በሙሉ ልብ እቀበላለሁ።»

ኃላፊው «እስቲ እናያለን» ብሎ ከዘገየ፣ ወይም «የሠራሽበትን ዘመን እጽፋለሁ» ብሎ ከተወሰነ፣ ስለ ሥራው ጥራት ለመመስከር ፈቃደኛ አለመሆኑን በትህትና እየተናገረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ጊዜ ደጋግሞ ከመጎትጎት ይልቅ አመስግኖ ሌላ ምስክር መፈለግ ይመረጣል፤ ያለ ፍላጎት የተጻፈ ቀዝቃዛ ደብዳቤ ለአንባቢው ጥርጣሬ ይፈጥራል።

ምን እንዲጠቀስ ማስታወስ ይቻላል?

ኃላፊው ከፈቀደ በኋላ የአንድ ገጽ ማስታወሻ ይሰጠዋል። ማስታወሻው የሚይዘው አራት ነገሮችን ነው፤ የሥራ መደቡን መጠሪያና ዘመኑን፣ የአዲሱ መደብ ማስታወቂያ የሚጠይቃቸውን ዋና ዋና ችሎታዎች፣ ኃላፊው ራሱ ያያቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሥራዎች፣ በመጨረሻም ደብዳቤው ለማን፣ በምን ቋንቋ፣ በምን መንገድና እስከ መቼ እንደሚላክ።

አንድ ምሳሌ እንመልከት። አንዲት ሠራተኛ ከመስከረም 1 ቀን 2009 ዓ.ም. እስከ ሰኔ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ድረስ በአንድ የምግብ ማቀነባበሪያ ፋብሪካ የመጋዘን ሠራተኛ ነበረች እንበል። አሁን መድኃኒት በሚያስመጣ ድርጅት ለመጋዘን ኃላፊነት ልታመለክት ነው። ማስታወቂያው የክምችት መዝገብ ትክክለኛነትን፣ የአገልግሎት ጊዜ ያላቸውን ዕቃዎች አያያዝና ሠራተኞችን የመምራት ልምድን ይጠይቃል።

ለቀድሞ ኃላፊዋ «ታታሪና ታማኝ መሆኔን ይጻፉልኝ» ብትል የሚጻፈው ደብዳቤ ለእነዚህ ሦስት መስፈርቶች መልስ አይሰጥም። ስለዚህ በማስታወሻዋ ላይ ከየመስፈርቱ አንጻር አንዳንድ ሥራ ታስቀምጣለች። ስለ መዝገብ ትክክለኛነት፣ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይካሄድ የነበረው የንብረት ቆጠራ በየወሩ እንዲሆን ሐሳብ አቅርባ ማስፈጸሟን ትጠቅሳለች። ስለ ዕቃ አያያዝ፣ የአገልግሎት ጊዜያቸው ቀድሞ የሚያበቃው ዕቃዎች ቀድመው እንዲወጡ መደርደሪያዎቹን ማደራጀቷን ታስታውሳለች። ስለ አመራር ደግሞ፣ ኃላፊዋ በእረፍት ላይ በነበሩበት ወር ሁለት ረዳቶችን ይዛ መጋዘኑን ማስተዳደሯን ትጽፋለች።

ምግብና መድኃኒት የተለያዩ ቢሆኑም የአገልግሎት ጊዜን ተከትሎ ዕቃ የማውጣት አሠራር ለሁለቱም የሚያገለግል ነው። ይህንን ግንኙነት ቀጣሪው በራሱ ላያየው ስለሚችል አመልካቿ ኃላፊዋን የምታስታውሰው እዚህ ላይ ነው። ደመወዟ፣ የቤተሰብ ሁኔታዋ፣ ጤናዋ፣ ሃይማኖቷም ሆነ ብሔሯ ከሥራው ጋር ስለማይገናኙ በማስታወሻውም በደብዳቤውም አይገቡም።

ኃላፊው «ጽፈሽ አምጪ፣ እፈርማለሁ» ቢልስ?

ይህ በአገራችን መሥሪያ ቤቶች የተለመደ መልስ ነው። ረቂቅ ማዘጋጀት በራሱ ስህተት አይደለም፤ ስህተት የሚሆነው ፈራሚው ያላነበበውን ወይም የማያውቀውን ነገር እንዲፈርም ማድረግ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ኃላፊው ሊያርመው በሚችልበት መልክ ይሰጣል። የሥራ ዝርዝሩ ይጻፋል፤ «ከሠራተኞቼ ሁሉ የላቀች ነበረች» የመሰለው የግምገማ ዓረፍተ ነገር ግን ቦታው ክፍት ተትቶ ለኃላፊው ይቀራል። አመልካቹ ራሱን የሚያወድስበት ቃል ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ተመሳሳይ ስለሚሆን ልምድ ያለው አንባቢ በቀላሉ ይለየዋል።

ወደ ምሳሌያችን ስንመለስ፣ ሠራተኛዋ በረቂቁ ላይ «በቆጠራ ጊዜ ጉድለት ታይቶ አያውቅም» ብላ ጽፋ ነበር እንበል። ኃላፊዋ ግን የመጀመሪያው ወር ቆጠራ ከመዝገቡ ጋር እንዳልገጠመ ያስታውሳሉ። ስለዚህ ዓረፍተ ነገሩን «በመጀመሪያው ወር ቆጠራ ልዩነት ታይቶ ነበር፤ ምክንያቱ ያለ ወጪ ሰነድ የሚወጡ ዕቃዎች መሆናቸውን አጣርታ አቀረበች፤ ከዚያ በኋላ ያለ ሰነድ ዕቃ እንዳይወጣ ተደረገ» ብለው ያርሙታል። የታረመው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ችግሩን፣ የሠራተኛዋን እርምጃና ውጤቱን ያሳያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀጣሪው ደውሎ ቢጠይቅ ኃላፊዋ ያለ ማመንታት ሊያስረዱት የሚችሉት እውነት ነው።

ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው

ደብዳቤዎች ተቀባይነት ከሚያጡባቸው ምክንያቶች አንዱ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ነው። ከላይ የተጠቀሰው የሥራ ዘመን 4 ዓመት ከ10 ወር ሲሆን በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ከመስከረም 11 ቀን 2016 እስከ ሐምሌ 7 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ተብሎ መገለጽ አለበት። 2009 የሚለው ቁጥር ሳይቀየር ከገባ ግን አንባቢው ሠራተኛዋ ከሰባት ዓመት በፊት እንደጀመረች ይረዳል፤ ከሥራ ልምድ ማስረጃው ጋር ሲያመሳክርም ሰነዱን ይጠራጠራል። በተመሳሳይ ሁኔታ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው ስም በፓስፖርት ወይም በትምህርት ማስረጃ ላይ ካለው አጻጻፍ ጋር በፊደል መመሳሰል አለበት።

ሁለተኛው የሚጣራው የአላላኩ መንገድ ነው። አንዳንድ ተቋማት ደብዳቤውን ከአመልካቹ እጅ አይቀበሉም፤ ለኃላፊው በኢሜይል መሙያ ቅጽ ይልካሉ። በዚህ ጊዜ ኃላፊው በየጊዜው የሚያየውን የኢሜይል አድራሻ ጠይቆ መስጠት፣ መልእክቱ የሚላክበትን ቀን ማሳወቅና አላስፈላጊ መልእክቶች በሚጠራቀሙበት ማኅደር ውስጥ ጭምር እንዲመለከት ማስታወስ ያስፈልጋል። የጊዜ ገደቡ አምስት ቀን ያህል ሲቀረው አንድ አጭር ማስታወሻ መላክ ተገቢ ነው።

በመጨረሻም ኃላፊው ደብዳቤውን በምስጢር መላክ ከመረጠ ይዘቱን ለማየት መጠየቅ አይገባም። ደብዳቤው ለአመልካቹ ከተሰጠ ግን ቅጂው ይቀመጣል። ሆኖም ለአንድ መደብ የተጻፈ ደብዳቤ ያለ ጸሐፊው ዕውቀት ለሌላ መደብ አይቀርብም፤ ላልጠበቀው ጥያቄ ስልክ የሚደወልለት ኃላፊ ዝግጁ ሆኖ ሊመሰክር አይችልምና። አዲስ ማመልከቻ ሲኖር ደውሎ ማሳወቅ፣ ውጤቱ ሲታወቅም፣ ቢሳካም ባይሳካም፣ ለኃላፊው መንገር ተገቢ ነው።