ጥቁር አዝሙድ ዘይት ፊት ከመቀባቱ በፊት

የጥቁር አዝሙድ ዘይት ለፀጉር፣ ለብጉርና ለፊት ጥቋቁር ነጠብጣብ ይረዳል ተብሎ በየሱቁ ይሸጣል። ብዙ ሰው ያለ ችግር ይቀባዋል። የአንዳንዱ ሰው ቆዳ ግን ይቆጣል፤ ዘይቱን ከተቀቡ በኋላ ቆዳቸው ያበጠና ውሃ የቋጠረ ሰዎች በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል። ቆዳው የሚቆጣበት ሰው የትኛው እንደሆነ ከዘይቱ መልክም ሆነ ሽታ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ አዲስ ዘይት ወይም ቅባት ፊት ከመድረሱ በፊት በክንድ ላይ በትንሹ ይሞከራል።

ሙከራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በጥድፊያ ነው። ጥቂት ቀብቶ እስከ ማግስቱ መጠበቅ በቂ ይመስላል። ዘይቱ ራሱ ቆዳን የሚለበልብ ከሆነ በእርግጥ ምልክቱ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ይታያል። አለርጂ ግን ሌላ ነገር ነው። የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት የሚያውቁትን ባዕድ ነገር ለይተው በቦታው እስኪሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይፈጃል፤ አንዳንዴም ሳምንት ይሞላዋል። በማግስቱ ንጹሕ ሆኖ የታየ ክንድ ገና መልስ አልሰጠም ማለት ነው።

ለሙከራው የሚመረጠው ከክርን እጥፋት ዝቅ ብሎ ያለው የክንድ ውስጠኛ ክፍል ነው። ቆዳው ስስ ነው፣ ለዓይን ቅርብ ነው፣ ቢቆጣም ጉዳቱ ፊት ላይ እንደሚደርሰው አይከብድም። ቦታው ቁስል፣ ችፌ ወይም ሌላ ቅባት የሌለበት መሆን አለበት። በእስክሪብቶ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክብ ከተሰመረ በኋላ ክቡን በስሱ የሚሸፍን ጥቂት ዘይት ይቀባል። በፕላስተር አይሸፈንም፤ የታፈነ ቆዳ ጤነኛ ዘይት እንኳ ሊያቆጣው ይችላል። ይህ ጠዋትና ማታ ለሰባት ቀን ይደጋገማል። በዚያ ሳምንት ሌላ አዲስ ነገር አይቀባም፤ ያለዚያ ጥፋተኛውን መለየት አይቻልም። እንደ ሻይ ዛፍ ዘይት ያሉ ተነጥረው የሚወጡ ብርቱ ዘይቶች ግን ሳይበረዙ አይሞከሩም። አንድ የሻይ ማንኪያ የምግብ ዘይት ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ይበቃል።

አንዲት ሴት ሰኞ ጠዋት ጀመረች እንበል። ሰኞና ማክሰኞ ምንም የለም። ረቡዕ ማታ ክቡ ውስጥ ያሳክካታል፣ ሐሙስ ጠዋት ደግሞ ጥቃቅን እብጠቶች ይታያሉ፤ ሽፍታው ከክቡ አልፎ ትንሽ ወጥቷል። ዘግይቶ መጀመሩ፣ ማሳከኩና ከተቀባው ቦታ ማለፉ አለርጂን ያመለክታሉ። ወዲያው ቢያቃጥላትና ክቡ ላይ ብቻ ቢቀር ኖሮ ተራ መለብለብ መሆኑ ይበልጥ ያመዝን ነበር፤ ለዓይን ብቻ ሁለቱን መለየት ግን ሁልጊዜ አይቻልም። በሁለቱም መንገድ ዘይቱ ይቆማል፣ ቦታው ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። ጠርሙሱን አለመጣል ይሻላል፤ የቆዳ ሐኪም የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ ለመፈለግ ይጠቅመዋል። ከንፈር ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ነገሩ የክንድ ሙከራ መሆኑ ቀርቷል፤ በአፋጣኝ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መቅላት እምብዛም አይታይም። ቦታው ወይን ጠጅ ወይም ከዙሪያው የጠቆረ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ ከማየት በጣት መዳሰስ ይበጃል፦ ሙቀት፣ መሻከር፣ ማበጥ። ቁጣው ካለፈ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ወራት ሊቆይ ይችላል፤ ነጠብጣብ ለማጥፋት በተገዛ ዘይት ፊት ላይ ሌላ ነጠብጣብ ማትረፍ የሚመጣው እንዲህ ነው።

ሰባት ቀን ንጹሕ ሆኖ ማለፍም ፍጹም ዋስትና አይሆንም። የዓይን ቆብ ከክንድ እጅግ ስስ በመሆኑ ክንድ የታገሠውን ላይታገሥ ይችላል። ሰውነትም ለወራት በሰላም ለተቀባው ነገር በኋላ አለርጂ ሊያዳብር ይችላል። አንዳንድ ዘይት ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ ሲቆይ ከአየር ጋር ተዋህዶ ይለወጣል፤ የሻይ ዛፍ ዘይት በዚህ ይታወቃል፣ ያረጀው ከአዲሱ ይበልጥ አለርጂ ያስነሳል። ከሁሉ የሚያታልለው በስውር ስቴሮይድ የተጨመረበት «የባህል» ክሬም ነው፤ ስቴሮይዱ ቁጣውን ስለሚያፍነው ክንዱ ንጹሕ ይሆናል፣ ጉዳቱ ከሳምንታት በኋላ ቆዳው ሲሳሳ ይወጣል። እጅጌ ሥር የተደረገ ሙከራ ፀሐይ ስትጨመርበት የሚሆነውንም አያሳይም። ጤና አዳምን የመሳሰሉ ተክሎች ጭማቂያቸው በጥላ ዝም ብሎ በፀሐይ ግን ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ እንዲህ ያሉ ተክሎች የገቡበት ቅባት ክንድ ላይ ቢያልፍም ቀን ላይ ፊት ባይቀባ ይመረጣል።