«መሆን አለበት» ሲባል ከምን አንጻር?

«ዘበኛው በሩ ላይ መሆን አለበት።» ይህን ዓረፍተ ነገር ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ሁለት ሰዎች ሲናገሩት እናስብ። አንዷ ከመጋዘኑ ጎን የምትኖር ጎረቤት ናት። በመስኮቷ የዘበኛው ቤት መብራት ሲበራ ታያለች፤ ሬዲዮውም ይሰማታል። ስለዚህ ሰውየው እዚያ መኖሩን ትገምታለች። ሌላው የመጋዘኑ ባለቤት ነው። ሳይታሰብ መጥቶ በሩ ላይ ባዶ ወንበር አግኝቷል፤ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በቁጣ ይናገራል። የእሷ ንግግር ሰውየው እዚያ አለ የሚል ነው። የእሱ ደግሞ የተሰማው ሰውየው ስለሌለ ነው። ቃላቱ ግን በአንድ ፊደል እንኳ አይለያዩም።

የቋንቋ አጥኚዎች የመጀመሪያውን አጠቃቀም ኤፒስቴሚክ ይሉታል፤ ከዕውቀት ተነስቶ የሚደረግ ግምት ነው። ሁለተኛውን ዲኦንቲክ ይሉታል፤ ከሕግ፣ ከውል ወይም ከትእዛዝ የሚመነጭ ግዴታ ነው። ታዲያ «አለበት» የሚለው ቃል ሁለት ፍች አለው ማለት ነው? ጀርመናዊቷ የቋንቋ ሊቅ አንጀሊካ ክራትዘር በ1977 ባሳተመችው ጽሑፍ አይደለም ብላለች። የእሷ መከራከሪያ የቃሉ ፍች አንድ ነው፤ የሚለያየው ሳይነገር የሚታወቀው «ከምን አንጻር» የሚለው ነው የሚል ነው። ጎረቤቷ «ከማውቀው አንጻር» እያለች ነው፤ ባለቤቱ «ከውሉ አንጻር» እያለ ነው። እኔም ይህ ሐሳብ ትክክል ይመስለኛል፤ ምክንያቱን በዘበኛው ጉዳይ ላይ ደረጃ በደረጃ ማሳየት ይቻላል።

መሣሪያው «ሊሆኑ የሚችሉ ዓለማት» የሚባለው ነው። ስሙ ቢያስደነግጥም ነገሩ ቀላል ነው፤ አንድ ዓለም ማለት ነገሮች ሊሆኑ ከሚችሉባቸው መንገዶች አንዱ ነው። ለዛሬ አራት ይበቁናል። በመጀመሪያው ዘበኛው በሩ ላይ ነው፤ መብራቱም ሬዲዮውም በርተዋል። በሁለተኛው በሩ ላይ ነው፤ ሁለቱም ጠፍተዋል። በሦስተኛው ሁለቱንም አጥፍቶ ወጥቷል። በአራተኛው ሁለቱንም እንደበሩ ትቶ ሄዷል።

ከጎረቤቷ እንጀምር። መነሻዋ የምታውቀው ነገር ነው፤ ከምታውቀው ጋር የማይስማማውን ዓለም ሁሉ ትጥላለች። መብራቱ በርቶ ስላየች ሁለተኛውና ሦስተኛው ወደቁ። አራተኛውስ? ዘበኛው ለባትሪው ስለሚሳሳ ከቦታው ሲነሳ ሬዲዮውን ሳያጠፋ እንደማይሄድ ታውቃለች እንበል። ይህ አራተኛውን ይጥለዋል። የቀረው የመጀመሪያው ብቻ ነው፤ በእሱም ዘበኛው በሩ ላይ ነው። «መሆን አለበት» የሚለው ቃል የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ በተረፉት ዓለማት ሁሉ ነገሩ እውነት እንዲሆን። ስለ ባትሪው ባታውቅ ኖሮ ግን መጀመሪያውና አራተኛው አብረው ይተርፉ ነበር። በአንዱ ዘበኛው አለ፣ በሌላው የለም። ያን ጊዜ ማለት የምትችለው «በሩ ላይ ሊሆን ይችላል» ብቻ ነበር፤ «ይችላል» የሚጠይቀው ከተረፉት ቢያንስ በአንዱ እውነት መሆኑን ነውና። በ«አለበት» እና በ«ይችላል» መካከል ያለው ልዩነት እንግዲህ «በሁሉም» እና «ቢያንስ በአንዱ» የሚል የብዛት ልዩነት ነው።

አሁን ወደ ባለቤቱ እንምጣ። ወንበሩ ባዶ መሆኑን በዓይኑ አይቷል፤ በጎረቤቷ መንገድ ብንሄድ የሚተርፉት ዘበኛው የሌለባቸው ዓለማት ብቻ ስለሚሆኑ ንግግሩ ውሸት በሆነ ነበር። የእሱ መነሻ ግን ሌላ ነው፤ ሰውየው የተቀጠረ መሆኑ፣ ተራው የዛሬ ሌሊት መሆኑ፣ ጤነኛ መሆኑ። እነዚህ ሐቆች ከአራቱ ዓለማት አንዱንም አይጥሉም። ቀጥሎ ውሉ መመዘኛ ሆኖ ይመጣና ዓለማቱን ያበላልጣል፤ ውሉ የተከበረባቸው አንደኛውና ሁለተኛው ከሌሎቹ ይበልጣሉ። በሁለቱም ዘበኛው በሩ ላይ ስለሆነ የባለቤቱ ንግግርም እውነት ነው። እኛ ያለንበት ዓለም ሦስተኛው መሆኑ አያፈርሰውም፤ ያለንበት ዓለም ከበላጮቹ አንዱ እንዲሆን ማንም አልጠየቀምና።

እዚህ ላይ አንባቢ «መነሻና መመዘኛ ብሎ ማብዛት ለምን? ሕግ የተከበረባቸውን ዓለማት ብቻ ብናይ አይበቃም?» ሊል ይችላል። በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የግዴታን ሎጂክ ያጠኑ ሰዎች በዚያው መንገድ ሄደው ነበር፤ የገጠማቸው እንቅፋትም በደጉ ሳምራዊ ስም ይጠራል። ፈላስፋው አርተር ፕራየር በ1958 አንስቶታል። በእኛ ጉዳይ እንየው። ዘበኛው በሌለበት ሌባ ገብቶ ዘርፏል እንበል። «ዘበኛው ስርቆቱን ለፖሊስ ማመልከት አለበት» ብንል ትክክል ነው። ሕግ ፍጹም በተከበረባቸው ዓለማት ግን ሌባ የለም፤ ስርቆት ከሌለ ደግሞ የሚያመለክት አይኖርም። ስለዚህ ፍጹም የሆኑትን ብቻ ካየን እውነተኛው ግዴታ ውሸት ሆኖ ይወጣል።

ክራትዘር በ1981 ያቀረበችው መፍትሔ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። መጀመሪያ የሆነውን ነገር መነሻ ውስጥ አስገብተን እንቆልፈዋለን፤ በሚቀሩት ዓለማት ሁሉ ስርቆቱ ተፈጽሟል። ከዚያ በኋላ ብቻ ሕጉ ያበላልጣል። ስርቆት ካለባቸው ዓለማት መካከል ለሕግ የሚቀርቡት የተመለከተባቸው ናቸው። ጥፋት ከደረሰ በኋላ ምን መደረግ እንዳለበት የሚናገር ሕግ ሁሉ፣ የካሣውም የቅጣቱም፣ ያለዚህ ቅደም ተከተል ትርጉም አይሰጥም።

በዕውቀት በኩል ያለው ክርክር ግን እስካሁን አልተዘጋም። ጎረቤቷ ዘበኛውን በዓይኗ እያየችው ቢሆን «መሆን አለበት» አትልም፤ «አለ» ትላለች። ላውሪ ካርቱነን በ1972 ይህን አስተውሎ፣ እንዲህ ያለው ንግግር በቀጥታ «አለ» ከማለት ይልቅ ደካማ ነው አለ። ካይ ፎን ፊንቴልና አንቶኒ ጊሊስ በ2010 ተቃወሙት፤ ንግግሩ ደካማ አይደለም፣ የሚያመለክተው ነገሩ በዓይን ታይቶ ሳይሆን ከምልክት ተነስቶ የተደረሰበት መሆኑን ነው አሉ። እኔ ወደ እነሱ አደላለሁ። ጎረቤቷ አራተኛውን ዓለም በሚገባ ከጣለች የሚያወላውላት ነገር የለም፤ ያላየችውን አላየሁም እያለች ብቻ ነው።

አማርኛ ራሱ ሁለቱን የሚለይበት ቦታ አለው። ስላለፈ ነገር ስንናገር «ሄዶ መሆን አለበት» ግምት ብቻ ነው፤ «መሄድ ነበረበት» ደግሞ ያልተፈጸመ ግዴታ ነው። «ይችላል»ም እንዲሁ ነው፤ «ሠራተኛው ዓርብ መቅረት ይችላል» ፈቃድ ሲሆን «ዓርብ ሊቀር ይችላል» በተራ ንግግር ግምት ነው። በሕግ ጽሑፍ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ «ፍርድ ቤቱ ሊወስን ይችላል» ሲባል ሥልጣን ተሰጠው ማለት እንጂ ይወስን ይሆናል ማለት አይደለም። ውል፣ የሥራ መመሪያ ወይም የምርመራ ሪፖርት የምትጽፉ ሁሉ እባካችሁ «መሆን አለበት» ወይም «ሊሆን ይችላል» ስትሉ ከምን አንጻር እንደሆነ፣ ከማስረጃው ወይስ ከደንቡ፣ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ጻፉት።