ለነፍሰ ጡር የሆድ ድርቀት፦ አይረኑን ከማቆም በፊት

ነፍሰ ጡር ሴት ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ ይዛ ከምትመለሰው አንዱ የአይረንና የፎሊክ አሲድ እንክብል ነው። በቀን አንድ ፍሬ እየዋጠች እስክትወልድ እንድትቀጥል ይነገራታል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን እንክብሉ ከነማሸጊያው ቁም ሳጥን ጥግ ተረስቶ የሚገኝበት ቤት ብዙ ነው። ለምን እንደተወችው ስትጠየቅ «አልተስማማኝም» ትላለች። ከዚህ በላይ መናገር ያሳፍራታል። ሽንት ቤት ገብታ ግማሽ ሰዓት እያማጠች እንደምትወጣ ለአዋላጇም፣ ለባሏም አትነግርም። ድርቀቱን ያመጣው እንክብሉ ብቻ ነው ብላ ስለምታምን የራሷንም የልጇንም ደም የሚጠብቀውን መድኃኒት በዝምታ ታቆማለች። ድርቀቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይረኑ ከመጀመሩ በፊት ነበር።

ምክንያቱ ፕሮጄስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። ይህ ሆርሞን ከእርግዝናው መጀመሪያ አንስቶ እየጨመረ ይሄዳል። ዋና ሥራው ማህፀን ያለጊዜው እንዳይኮማተር ጡንቻውን ማላላት ነው። የአንጀት ግድግዳም ከዚያው ዓይነት ለስላሳ ጡንቻ የተሠራ በመሆኑ አብሮ ይላላል። ምግብን እየገፋ የሚያሳልፈው የአንጀት እንቅስቃሴ ይቀዘቅዛል፤ ሰገራው በትልቁ አንጀት ውስጥ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ትልቁ አንጀት ደግሞ በተፈጥሮው ውኃ መጣጭ ነው። ሰገራው በቆየ ቁጥር ውኃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ይጠጥራል። ድርቀቱ ሆድ ገና ሳይገፋ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ወር የሚጀምራቸው ሴቶች የሚበዙት ለዚህ ነው። በኋላ ወራት የሚያድገው ማህፀን አንጀትን መጫኑ በዚያ ላይ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ማስታወክ ያስቸገራት ሴት ደግሞ የምትበላውም የምትጠጣውም ስለሚቀንስ ድርቀቱ ይብስባታል።

አይረኑ የሚመጣው እንግዲህ በቀዘቀዘ አንጀት ላይ ነው። የተለመደው እንክብል 60 ሚሊ ግራም ያህል ንጹሕ ብረት ይይዛል። ከዚህ ውስጥ አንጀት ወደ ደም የሚያሳልፈው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የሚበዛው በአንጀት ውስጥ ቀርቶ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ሰገራውን የሚያጠቁረው፣ አንዳንዷን ሴት የሚያደርቀው፣ ሌላዋን ደግሞ የሚያቅለሸልሸው ይኸው የተረፈ ብረት ነው። ሰገራ መጥቆሩ ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። አሜሪካ ያሉ እናቶች የሚወስዱት የእርግዝና ቫይታሚን በአብዛኛው 27 ሚሊ ግራም ያህል ብረት ነው ያለው፤ ስለዚህ ከዚያ የመጣች እህት «እኔ ምንም አላደረገኝም» ብትል የሁለቱ መጠን አንድ አለመሆኑን ማሰብ ይገባል።

ታዲያ ምን ይደረጋል? ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት እንበል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ትጸዳዳለች፤ ሲመጣም እንደ ጠጠር የደረቀ ነው። አይረኗን ጠዋት ከቁርስ ጋር ትውጥና ወዲያው ቡና ታፈላለች። ቀኑን ሙሉ የምትጠጣው ውኃ ሦስት ብርጭቆ አይሞላም። የምትኖረው ብዙ ሰው በሚጋራበት ግቢ በመሆኑ ሆዷ ሲጠራት ሽንት ቤቱ እስኪለቀቅ ትጠብቃለች፣ እየቆየ ስሜቱ ይጠፋባታል። ለአዋላጇ የደም ምርመራ ተደርጎላት ሄሞግሎቢኗ 11.4 ተገኝቷል፤ በነፍሰ ጡር ደም ማነስ አለ የሚባለው በአብዛኛው ከ11 ሲያንስ ነው፤ እሷ ከዚህ በላይ ናት፤ ግን ብዙም የራቀች አይደለችም።

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚስተካከለው የእንክብሉ ሰዓት ነው። ቡናና ሻይ ብረቱን ይይዙትና አንጀት እንዳይመጠው ያደርጋሉ፤ ያልተመጠጠው ሁሉ ደግሞ አንጀት ውስጥ ይቀራል። ማለትም ይህች ሴት ችግሩን እየተቀበለች ጥቅሙን ግን እያጣች ነበር። እንክብሉን ከቡናው ቢያንስ ሁለት ሰዓት አርቃ፣ ለምሳሌ ከእራት በኋላ ልትተኛ ስትል ብትውጠው ይሻላል፤ ሎሚ የተጨመቀበት ውኃ ወይም ብርቱካን ብታክልበት ብረቱ በደንብ ይመጠጣል። የካልሲየም ክኒን የምትወስድ ከሆነም ከአይረኑ ጋር በአንድ ሰዓት አትዋጠው። ካልሲየሙ ራሱ ማድረቁን ማወቅም ያስፈልጋል፤ ለቃር ተብለው የሚሰጡ አሉሚኒየም ያለባቸው መድኃኒቶችም እንዲሁ ያደርቃሉ።

ሁለተኛው ውኃና ገለባ ያለው ምግብ ነው። አሰር የሚባለው የማይፈጭ የእህልና የአትክልት ክፍል በአንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ሰገራውን ያበዛል፣ ያለሰልሳልም። በዚህ በኩል የአገራችን ማእድ ደሃ አይደለም፤ ጎመኑ፣ ምስሩ፣ ሽሮው፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮው፣ በሶው፣ የበሰለ ፓፓያው ሁሉ ይጠቅማል። አሰሩ ግን ያለ ውኃ ከተወሰደ እንደ ጭቃ ይጋገርና ያባብሳል። ስለዚህ ለምሳሌያችን ሴት ሦስቱን ብርጭቆ ወደ ስምንትና ዘጠኝ ማሳደግ ከምግቡ ለውጥ ይቀድማል። አሰሩም በአንድ ቀን መከመር የለበትም፤ ድንገት ሲበዛ ሆድ ይነፋል፣ ሴቲቱም ጠልታ ትተወዋለች። ምግቡ ካልበቃ የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ የስንዴ ፉርሽካ ወይም ሌላ የአሰር ተጨማሪ መውሰድ እንደሚቻል አስፍሯል። በቀን አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ንጹሕ ፉርሽካ በገንፎ ወይም በእርጎ ደባልቆ መጀመር ይቻላል።

ሦስተኛው የሽንት ቤቱ ጉዳይ ነው። ሰው ቁርስ ሲበላ ትልቁ አንጀት በራሱ መገፋፋት ይጀምራል፤ ከቁርስ በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ሳይጣደፉ ለመቀመጥ ምቹ ነው። ሆድ ሲጠራ ደግሞ መቆየት የለበትም፤ የተያዘ ሰገራ እየደረቀ ነው የሚሄደው። ለዚህ ከጎረቤት ጋር ተነጋግራ የጠዋቱን ተራ ማግኘት ከመድኃኒት የማይተናነስ ጥቅም አለው። ቁጢጥ ብሎ መጸዳዳት መውጫውን ቀጥ ስለሚያደርገው ይቀላል፤ በዘመናዊ መቀመጫ ላይ የምትቀመጥ ደግሞ እግሯን ዝቅ ያለ በርጩማ ላይ ብታሳርፍ ተመሳሳይ ያደርጋል። ማማጥ ግን ኪንታሮት ያመጣል፤ ነፍሰ ጡር ቀድሞውንም ለዚያ የተጋለጠች ናት።

ይህ ሁሉ ተሞክሮ በአንድና በሁለት ሳምንት ካልተሻላት ከመድኃኒት ቤት የሚገኙትን ለማየት ጊዜው ነው። በእርግዝና ወቅት ደህና ከሚባሉት ተመራጮቹ ከአንጀት ወደ ደም እምብዛም የማያልፉት ናቸው። ላክቱሎስ የሚባለው ጣፋጭ ሽሮፕ አንዱ ነው፤ ውኃ ወደ አንጀት ስቦ ሰገራውን ያለሰልሳል። አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሊትር ይሰጣል። ውጤቱ በአንድ ቀን ላይመጣ ይችላል፤ እስከ ሁለት ቀን ይወስዳል፤ ይህን ያላወቀች ሴት አልሠራም ብላ መጠኑን ታበዛለች። መጀመሪያ ላይ ሆድ መንፋቱም የተለመደ ነው። ማክሮጎል የሚባለው በውኃ የሚበጠበጥ ዱቄትም በተመሳሳይ መንገድ ይሠራል። ቢሳኮዲልና ሴና አንጀቱን ቀስቅሰው የሚያንቀሳቅሱ ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹ ሳይበቁ ሲቀሩ ለጥቂት ቀናት ብቻ በሐኪም ምክር ይወሰዳሉ።

ነፍሰ ጡር ጨርሶ ልትርቃቸው የሚገቡ አሉ። የጉሎ ዘይት አንጀትን ብቻ ሳይሆን ማህፀንንም ያኮማትራል። ፓራፊን ዘይት በተከታታይ ሲወሰድ ቫይታሚኖች እንዳይመጠጡ ያግዳል። ኮሶ ለሆድ ትል የሚጠጣ ጠንካራ መድኃኒት ነው፤ እርግዝናን እንደሚያስወርድ የአገር ሰውም ያውቀዋል። ያልበሰለ ፓፓያ ወተቱ ማህፀንን ሊያነሣሣ ስለሚችል አይበላም።

የብዙ ቤት ጥያቄ የሚሆነው ተልባ ነው። ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና ተጣርቶ ሲጠጣ አንጀትን እንደሚያለሰልስ እውነት ነው፤ እንደ ምግብ አልፎ አልፎ በመጠኑ መጠጣቱ ብዙም አያሳስብም። በየቀኑ በብዛት መውሰድና በጠርሙስ የሚሸጠውን የተልባ ዘይት መጠጣት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ተልባ እንደ ሆርሞን የሚሠሩ ንጥረ ነገሮች አሉበት፣ በእርግዝና ላይ ያለው ማስረጃም አጥጋቢ አይደለም። የሚጠጣ ካለም ውኃ በብዛት ይጨመርበት፣ ከአይረኑም ሁለት ሰዓት ይራቅ፤ የተልባው ዝልግልግ ነገር መድኃኒትን ይዞ ሊያስቀር ይችላል።

አሁንም ካልተሻላት አይረኑን ራሱ የሚመለከት ውይይት ከአዋላጇ ጋር ትጀምር። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው በቀን ከ30 እስከ 60 ሚሊ ግራም ብረት ነው፤ ስለዚህ ከ60 ወደ ዝቅ የሚኬድበት ቦታ አለ። በሳምንት አንድ ጊዜ 120 ሚሊ ግራም የሚወሰድበት መንገድም አለ፤ ይህ የሚመከረው ግን የደም ማነስ በነፍሰ ጡሮች ዘንድ ብዙ በማይታይበት አካባቢ፣ የዕለቱን ለማይችሉ ሴቶች ነው። ሄሞግሎቢኗ ከ11 በታች ለሆነች ሴት መጠኑን መቀነስ አይቻልም፤ እንዲያውም ሊጨመርላት ይችላል። ለእሷ የብረቱን ዓይነት መቀየር፣ ከዚያም ካልሆነ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በደም ሥር የሚሰጠውን ብረት በሆስፒታል መውሰድ ይታሰባል። ቀስ ብለው የሚሟሙ ወይም ሽፋን ያላቸው እንክብሎች ለሆድ ይለሰልሳሉ፤ ሆኖም ብረቱ ከሚመጠጥበት ቦታ አልፎ ስለሚለቀቅ የሚጠቅመው መጠን ያንሳል። ስለዚህ ምርጫው ከሐኪም ጋር ይሁን።

በመጨረሻም የሆድ ድርቀት የማይመስል ድርቀት አለ። ከባድ የሆድ ቁርጠት፣ ትውከት፣ የሆድ መነፋትና ንፋስ እንኳን አለመውጣት አንድ ላይ ከመጡ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላልና ማስቀመጫ ሳይወሰድ በቶሎ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። የሰገራ ደም በኪንታሮት ሊመጣ ቢችልም መታየት አለበት። አይረን ሳይወስዱ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚያጣብቅ ሰገራም እንዲሁ ነው። እየመጣ የሚሄድ የሆድ ቁርጠት ደግሞ ሰገራ ሳይሆን ምጥ ሊሆን ይችላል፤ ከ37 ሳምንት በፊት ከሆነ፣ በተለይ የወገብ ሕመም ወይም ፈሳሽ ካለበት፣ ነፍሰ ጡሯ እስኪነጋ መጠበቅ የለባትም።