ስለ ሞባይል ክፍያ ማስታወቂያ፤ ተረቱና እውነታው

ገንዘብን በእጅ ስልክ ስለ መላክ ማስታወቂያ የሚጽፉ ሰዎች እንደ ሥርዓት ቆጥረው የያዙት አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም «አስተማማኝ»፣ «ቀላል»፣ «ፈጣን» የሚሉትን ቅጽሎች እንደ ውዳሴ እየደጋገሙ ካሰሙት አድማጩ አምኖ ይከተላል የሚል ነው። ይህ ተረት ነው። አታላይም ቢሆን ታማኝ ነኝ ከማለት አይቆጠብምና፣ ቃሉ ብቻውን ለማንም ምስክር ሊሆን አይችልም።

እውነታው የሚጀምረው ላኪው በርግጥ ከሚፈራው ነገር ነው። እርሱን የሚያስጨንቀው፣ ከስልኩ ቁጥር አንዲት አሃዝ ስቶ የደከመበት ገንዘብ ከማያውቀው ሰው እጅ እንዳይገባ ነው። በኬንያ ሳፋሪኮም ለኤም-ፔሳ ደንበኞቹ ያበጀው «ሃኪኪሻ» የተባለው አሠራር ለዚሁ ፍርሃት የተሰጠ መልስ ነው፤ ቃሉ በስዋሂሊ «አረጋግጥ» ማለት ሲሆን፣ ላኪው የተቀባዩን ስም አይቶ ስሕተቱን ለማቆም ጊዜ እንዲያገኝ ያደርጋል። እንግዲህ ለእንዲህ ያለው አሠራር የ30 ሰከንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ጻፍ ብባል፣ እምነትን በቃል ከመስበክ ይልቅ ስሕተቱንና መታረሙን ባሳይ እመርጣለሁ፤ እንዲህ፦

(ምሽት ነው። አንዲት ወጣት ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች።)
ወጣቷ፦ «ለእማዬ 800 ብር።» (ቁጥሩን ትጽፋለች፤ የማታውቀው የወንድ ስም ይወጣል።) «ኧረ ይሄ ማነው?»
(የመጨረሻዋን አሃዝ ታርማለች፤ የእናቷ ስም ይወጣል። ስልኩን ወደ ራሷ አዙራ የምሥጢር ቁጥሯን ትጫናለች።)
እናት፣ በስልክ፦ «ደረሰኝ ልጄ፣ እደጊልኝ።»
ተራኪ፦ «ስሙን አይተው ይላኩ።»

በዚህ ሁሉ ውስጥ «አስተማማኝ» የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አልገባም። ወጣቷ ስልኩን ወደ ራሷ ማዞሯም ለጌጥ አይደለም፤ አታላዮች ደውለው የሚጠይቁት ይህንኑ የምሥጢር ቁጥር ስለሆነ፣ ተዋናይ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ሲናገር ወይም በካሜራ ፊት ሲጫን የሚታይበት ማስታወቂያ ሕዝቡን ክፉ ልማድ ያስተምራል። ደግሞም የአሠራሩን ወሰን ማወቅ ይገባል። የሚወጣው ስም ሒሳቡ የተመዘገበበት ስም ነው እንጂ ባለ ስሙ ቅን ሰው ለመሆኑ ማረጋገጫ አይደለም፤ እናቲቱም የወንድሟን ሲም የምትጠቀም ብትሆን፣ ሒሳቡ በእርሱ ስም ተመዝግቦ የወንድምየው ስም ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ «ገንዘብዎ ከቶ አይጠፋም» ብሎ የሚጽፍ ሰው ድርጅቱ ሊፈጽመው የማይችለውን ቃል ኪዳን እየገባ ነው።

ሁለተኛው ተረት፣ አገልግሎቱ የሚሠራውን ሁሉ መዘርዘር ይጠቅማል የሚለው ነው። ለዚህ ብዙ መልስ አያሻም። ኤም-ፔሳ በ2007 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በኬንያ ሲጀመር የተነገረለት ጉዳይ አንድ ብቻ ነበር፤ ገንዘብ ወደ ቤትህ ላክ የሚል ነበር፣ ሕዝቡም ገባው።

ሦስተኛው ግን ሰፋ ያለ ሐተታ ይሻል። «አሁኑኑ ይጠቀሙ» ብሎ መጨረስ አድማጩን ወደ ሥራ ይመራዋል ይባላል፤ ነገር ግን ይህ ትእዛዝ በር ሳያሳዩ ግባ እንደ ማለት ነው። የመጀመሪያው እርምጃ ጣት የሚሠራው አንድ ተግባር መሆን አለበት። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን ቴሌብርን እንውሰድ፤ *127# ብሎ የደወለ ሰው ኢንተርኔት በሌለው ተራ ስልክ እንኳ ዝርዝሩ ይመጣለታል። ይህንኑ በሬዲዮ የሚያነብ ሰው ግን ምልክቶቹን አድማጩ በሚያውቃቸው ስም፣ «ኮከብ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሰባት፣ መሰላል» ብሎ፣ በየመካከሉ እያረፈ ሁለት ጊዜ ሊናገር ይገባዋል፤ «አንድ መቶ ሃያ ሰባት» ብሎ ቢያነበው፣ ስልኩን ይዞ የሚከተለው ሰው አሃዞቹን እስኪለያይ ድረስ ማስታወቂያው ያልፍበታል። «መተግበሪያውን ያውርዱ፣ ይመዝገቡ፣ ደውለውም ይሞክሩ» ብሎ ሦስት መንገድ በአንድ ጊዜ መክፈትም፣ በእኔ አስተያየት፣ አንዱንም እንዳለመክፈት ነው።

ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆይ፣ የጻፍከውን ለቀረጻ ከመስጠትህ በፊት በስልክ ገንዘብ ልከው ለማያውቁ አንዲት እናት አንድ ጊዜ አንብብላቸውና መጀመሪያ የሚጫኑት ምን እንደሆነ ጠይቃቸው፤ መልሱን ካላገኙት እንደገና ጻፈው።